ሁለት ሰዎችን ያለ ኮሚሽን እንዴት ማገናኘት እንደሚቻል

ድሬዳዋ ውስጥ ቤት፣ መኪና ወይም ሠራተኛ ያገናኘ ሰው ኮሚሽኑን ይጠብቃል፤ ሥራው ስለሆነም ነውር የለበትም። ከዚህ በታች የምገልጸው ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሚያውቁትን ሰው ለችግሩ መፍትሔ ካለው ሌላ ሰው ጋር ምንም ሳይጠይቁ ማገናኘት። ሥራው ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ ይሁን እንጂ ስምዎን ስለሚያስይዙበት አካሄዱን ማወቅ ይገባል።

በመጀመሪያ የሰዎችን ችግር ይመዝግቡ። ከዚራ ባለችው የፎቶ ኮፒ ቤቴ ደንበኛ ሲመጣ «ሰሞኑን ሥራ ላይ ምን አስቸገረህ?» ብዬ እጠይቅና መልሱን በስልኬ ማስታወሻ ላይ አሰፍራለሁ። የቅርብ ወዳጆችን ብቻ መመዝገብ ስህተት ነው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ማርክ ግራኖቬተር በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ወሬውን ከነገራቸው ሰው ጋር አዘውትረው ይገናኙ የነበሩት ከስድስቱ አንዱ ያህል ብቻ ነበሩ። የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀውን እኛም አብዛኛውን ጊዜ እናውቀዋለን፤ አዲስ ነገር ይዞ የሚመጣው አልፎ አልፎ የምናየው ሰው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው፣ ብዙ ሰውም የሚዘለው፣ ስልክ ከመስጠት በፊት ፈቃድ መጠየቅ ነው። እኔም አንድ ጊዜ የሴራሚክ ሠራተኛን ቁጥር ሳላማክረው ለአንድ ቤት ሠሪ ሰጠሁ። ሠራተኛው ለካስ በዚያ ሳምንት ሐረር ሥራ ይዞ ነበር፤ ቤት ሠሪው በቀን አራት ጊዜ እየደወለ አሰለቸው፣ በመጨረሻም ሁለቱም እኔን ወቀሱኝ። መልካም ነገር ያደረግሁ መስሎኝ የአንዱን ጊዜ፣ የሌላውን ደግሞ ተስፋ አባከንኩ።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምጠይቀው እርዳታ የሚሰጠውን ሰው ነው። አንዲት የዳቦ ቤት ባለቤት የሊጥ ማቡኪያዋ ሞተር ተቃጥሎ በነገረችኝ ጊዜ መጋላ ወዳለ ሞተር የሚጠቀልል ባለሙያ ደወልኩ። የደወልኩት ጠዋት ነው፤ ከቀትር በኋላ ድሬ ጫት ላይ ስለምትሆን ጉዳይ አይነገርም። እስከ ሐሙስ ሥራ እንደያዘና ከዚያ በኋላ ግን እንደሚችል ነገረኝ። እርሷም ሐሙስን መጠበቅ እንደምትችል ካረጋገጥኩ በኋላ ለሁለቱም አንድ መልእክት ላክሁ፦

«ይህች እህት ዳቦ ቤት አላት። የማቡኪያዋ ሞተር ባለ ሦስት ፌዝ፣ 2.2 ኪሎዋት ነው፤ የታርጋውን ፎቶ አያይዣለሁ። ይህ ወንድም የጎረቤቴን የውኃ ፓምፕ ሞተር ጠቅልሎ አንድ ዓመት ሙሉ ሲሠራ አይቻለሁ። ስለ ዋጋው ምንም አላውቅም። ሐሙስ ጠዋት እርሷ ትደውላለች።»

መልእክቱ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ማን መቼ እንደሚደውል ተወስኗል፤ ይህ ካልተወሰነ ሁለቱም ሌላው ይደውላል ብለው ይቀመጣሉ። ሁለተኛ፣ ያየሁትን ብቻ መሰከርኩ። «ጎበዝ ነው» ማለት ቀላል ቢሆንም ሥራው ሲበላሽ ተጠያቂው መስካሪው ነው። የሰማሁትን ስናገር «ሰምቻለሁ፣ አላየሁም» እላለሁ፤ ሰዎችም ይህን ልዩነት ይይዙልኛል።

መልእክቱ ከተላከ በኋላ መውጣት ያስፈልጋል። ዋጋ ሲከራከሩ ሽማግሌ መሆን፣ ሥራውን መከታተል፣ «እንዴት ሆነላችሁ?» እያሉ በየቀኑ መደወል ውለታ ማስቆጠር ይመስላል። እኔ ከአሥር ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ደወልኩ። ባለሙያው ኩሽኔታውንም እንደቀየረና ማሽኑ እንደሚሠራ ባለቤቷ ነገረችኝ። በማግስቱ አንድ ፌስታል ትኩስ ዳቦ ላከች፤ ተቀበልኩ፣ አለመቀበል ማሳፈር ነውና። ባለሙያው ሊሰጠኝ ያመጣውን 500 ብር ግን መለስኩ። እርሱ ከፍቶት ነበር፤ ብቀበለው ግን የዳቦ ቤቷ ባለቤት የመሰከርኩት ለብር መሆኑን ከመጠርጠር አታርፍም፣ ከዚያ በኋላ የምጠቁማትን ሰው ሁሉ በዚያ ዓይን ታያለች። ኮሚሽን የሚወስድ ሰው ከወሰደም አስቀድሞ ለሁለቱም ይናገር።

ይህ ለሁሉም ሰው አይሠራም። ሦስት ጊዜ አገናኝቼው ስለ አንዱም ምን እንደሆነ ያልነገረኝ፣ አራተኛውን ሊጠይቅ ብቻ የሚደውል ሰው ነበር። በክፉ አላየውም፣ ሰላምታውንም አልነፈግሁትም፤ ነገር ግን የሌላ ሰው ስልክ አልሰጠውም፤ ያ ሌላ ሰው እኔን አምኖ ጊዜውን ስለሚሰጠው ነው።

የሞተሩ ባለሙያ ከስምንት ወር በኋላ አንድ ደንበኛውን ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤቴ መጣ። ደንበኛው የሱቅ ደረሰኝ የሚያሳትም ነጋዴ ነበር። ባለሙያው ያለው ይህን ብቻ ነው፦ «አቦ፣ ይሄ ያላየውን አይመሰክርም።» ነጋዴው ናሙና እንኳ ሳያይ አሳተመ።