የተማሪን ጽሑፍ ስናርም ምክንያቱን አብሮ እንዴት መጻፍ እንደሚቻል

ሐዋሳ ውስጥ ጎረቤቴ የሆነች ወጣት በሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ትሠራለች። አፏን የፈታችው በሲዳምኛ ነው፤ ትምህርት ቤትም የለመደችው በላቲን ፊደል መጻፍ ነው። ለመሥሪያ ቤቷ በአማርኛ ደብዳቤ መጻፍ ሲኖርባት ወደ እኔ ይዛ ትመጣለች። መጀመሪያ ላይ ሁሉንም አስተካክዬ፣ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ እሰጣት ነበር። በሳምንቱ «አልሄድኩ»፣ «አልሰማሁ» እያለች ያንኑ ስህተት ይዛ ተመለሰች። የሰጠኋት የተስተካከለ ደብዳቤ እንጂ የምትማርበት ነገር አልነበረም።

ስለዚህ አሁን እንዲህ እናደርጋለን።

መጀመሪያ እስክሪብቶ ሳልይዝ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ከዚያ የእሷን ጽሑፍ ሳልነካ ከላይ ትቼ፣ የታረመውን ከሥሩ እጽፋለሁ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት አለባት። በቅርቡ ያመጣችው ይህ ነበር፦

«ትናንት ስራ አልመጣሁም። እናቴ ስላልተሻላትም ሀኪም ቤት ወሰድኩ። ለአስተባባሪዋ ነገርኳት፤ ፈቀደችልኝ። የህክምና ወረቀቱ ይዤ መጥቻለሁ።»

ሲታረም፦

«ትናንት ስራ አልመጣሁም። እናቴ ስላልተሻላት (1) ሀኪም ቤት ወሰድኳት (2)። ለአስተባባሪዋ ነገርኳቸው፤ ፈቀዱልኝ (3)። የህክምና ወረቀቱን (4) ይዤ መጥቻለሁ።»

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ አጭር ምክንያት ይጻፋል። ከባዱ ሥራ ይህ ነው፤ ቁጥር 1 ላይ ያለው ስህተት የመጣው ከእኔው ነውና። ከዚያ በፊት «አልሄድኩ» የሚለውን ሳርም «አሉታ ‹ም› ይፈልጋል» ብዬ ጽፌላት ነበር። አመነችኝና «ስላልተሻላት» ላይም ጨመረችው። አንባቢ ደግሞ ያንን «ም» «በተጨማሪም» ብሎ ይረዳዋል። ምክንያቱ አጭር ይሁን፤ ግን እስከ የት እንደሚሠራ ካልነገራት ሌላ ስህተት ይወልዳል። አሁን የጻፍኩላት ይህን ነው፦

1. አሉታን የሚያሳየው «ም» የሚመጣው ዓረፍተ ነገሩን በሚዘጋው ግሥ ላይ ነው፤ «ስላልመጣ»፣ «ካልመጣ»፣ «ያልመጣ» ሲሆን ይቀራል።
2. ማንን ወሰድሽ? «ወሰድኳት» ሲባል እናትሽን ያመለክታል።
3. ስህተት አይደለም። ለመሥሪያ ቤት በሚገባ ደብዳቤ ግን አለቃን በአክብሮት መጥራት ይሻላል።
4. የትኛው ወረቀት እንደሆነ ከታወቀ «ወረቀቱን ይዤ»፤ ካልታወቀ «ወረቀት ይዤ»፣ ያለ «ን»።

ሦስተኛውን ልብ በሉልኝ። የቋንቋውን ሕግ፣ የአጻጻፍ ወግንና የራሳችንን ምርጫ ለይተን ካልነገርናት፣ ሁሉንም እንደ ስህተት ቆጥራ «ነገርኳት» የሚለውን ትክክለኛ ግሥ ለእኅቷ ስትጽፍ እንኳ ትፈራዋለች። ለለውጡ ምክንያት ካጣሁለት ብዙ ጊዜ የራሴ ጆሮ ልማድ ብቻ ነው፤ የእሷን ቃል እተወዋለሁ። ምክንያቱን መግለጽ ባልችልም ሰው የማይለው አነጋገር ከሆነ ግን «እንዲህ ነው የሚባለው» ብዬ በግልጽ እጽፋለሁ።

«ስራ»፣ «ሀኪም» እና «ህክምና» ላይ እጄን አላሳረፍኩም። እኔ «ሥራ»፣ «ሐኪም» ብዬ እጽፋለሁ፤ አንባቢ ግን በሁለቱም ይረዳል። ሞክሼ ፊደላትን እያሳደዱ ገጹን በቀይ የሚሞሉ አራሚዎች አሉ፤ እንዲህ ሲሆን ዋናው «ን» ከመሃል ይጠፋል። በአንድ ጊዜ ከአራት ወይም ከአምስት በላይ ነጥብ አላነሳም። ትክክል የሆነውንም እጠቁማለሁ፦ «አልመጣሁም» አጠገብ «ይሄ ልክ ነው» ብዬ ጽፌያለሁ፤ አለበለዚያ ቁጥር 1ን አይታ ከዚያም ላይ «ም»ን ልታነሳ ትችላለች።

በኮምፒውተር ለምታርሙ፣ Word ላይ ያለው Track Changes የተለወጠውን ያሳያል፤ ለምን እንደተለወጠ ግን አይናገርም። ምክንያቱን በ New Comment እናንተው መጻፍ አለባችሁ።

በመጨረሻም የታረመውን ገልብጣ እንድትሄድ አላደርግም። በማግሥቱ የራሷን የመጀመሪያ ጽሑፍና ምክንያቶቹን ብቻ ይዛ፣ የታረመውን ሳታይ እንደገና ትጽፈዋለች። እዚህ ላይ ከተሳሳተች መጀመሪያ የምመረምረው የጻፍኩትን ምክንያት ነው። ትክክል ከጻፈች ደግሞ በአዲስ ደብዳቤ ላይ እስካይ እጠብቃለሁ፤ ያንኑ ጽሑፍ መድገም በቃል በመያዝም ይሆናል።

ባለፈው አዲሱን ደብዳቤ ስታመጣ ገና ሳላነበው ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ ‹ባልመጣም እደውላለሁ› ይባላል አይደል? ታዲያ ያ ‹ም› ለምን አልቀረም?»

«‹ብመጣም እደውላለሁ› ስትዪስ?» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «እሱ ላይ አሉታ የለም፤ ‹ም› ግን አለ።»

«አዎ፣ ያኛው የአሉታ ‹ም› አይደለም። ‹ቢሆንም› የሚለው ላይ ያለው ነው።»

ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ከቁጥር 1 ሥር በራሷ እጅ ጨመረችው።