ፕሮጀክተሩ ሳይበራ የብርሃንን ትምህርት እንዴት እንዳስተማርኩ

መብራት ሲጠፋ ስለ ብርሃን ያዘጋጀሁት ስላይድ ዋጋ አጣ። በሩንና የእንጨት መስኮቶቹን ዘጋን፤ ወደ ግቢው የሚያየውን አንዱን መስኮት ግን ከፍቼ በካርቶን ሸፈንኩትና በእስክሪብቶ ጫፍ በሳሁት። ከቀዳዳው ግማሽ ሜትር ያህል ርቀን ነጭ ወረቀት ስንይዝ፣ ፀሐይ ያረፈበት የባንዲራ ምሰሶ ተዘቅዝቆ ታየ!

ቀዳዳውን ስናሰፋው ምስሉ ደመቀ፣ ግን ጠርዙ ተድበሰበሰ። በሌላ ካርቶን ስናጠበው ጠራ፣ ግን ፈዘዘ። 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ተስማማን።

«ለምን ተገለበጠ?» ያለችው ተማሪ ናት። ቀጥ ብሎ በሚጓዘው ብርሃን ምትክ በቀዳዳው ክር አሳልፈን ወጠርነው፤ የውጪው ጫፍ ከፍ ሲል ክሩ ቀጥ እንዲል የውስጡ ዝቅ ማለት ነበረበት። ስላይዴ ይህን መልስ ጥያቄው ሳይነሳ ያሳያቸው ነበር። አሁን ስላይዱን ከሙከራው በኋላ አደርገዋለሁ። ደመና በሆነ ቀን ግን ምስሉ እምብዛም አይታይም።