ጥያቄውን ለሁለት ስከፍለው የታየኝ ጫጫታ

የሆቴላችን መጠይቅ ላይ «ክፍሉ ንጹሕና ጸጥ ያለ ነበር?» የሚል ጥያቄ ነበር። አማካይ ነጥቡ ከአምስት አራት ስለሚሆን ማንም አልተጨነቀም፤ የአስተያየት ካርዶቹ ግን «እንቅልፍ አልወሰደኝም» ይላሉ። ጥያቄው ሁለት ነገር በአንዴ ስለሚጠይቅ፣ በንጽሕናው የተደሰተ እንግዳ የሚሰጠው ነጥብ ጫጫታውን ይሸፍነው ነበር። ለሁለት ከፈልኩት።

ከዚያ የሦስት ወሩን 90 ካርድ ይዤ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ 20ውን ብቻ አንብቤ ከእንግዶቹ አባባል ምድቦች አወጣሁ፤ ሁለት ቅሬታ ያለበትን ካርድ ሁለት ቦታ መዘገብኩ፤ ከጎኑ የክፍል ቁጥሩን ጻፍኩ። በምድብ ስደረድረው ምንም አልታየኝም። በክፍል ቁጥር ስደረድረው ግን ከ14 የጫጫታ ቅሬታዎች 11ዱ ከልብስ ማጠቢያው በላይ ካሉት አራት ክፍሎች የመጡ ናቸው። አንዷ እንግዳ «ከሌሊቱ 11 ሰዓት አልጋው ይንቀጠቀጣል» ብላለች፤ ማሽኖቹ የሚነሱት ልክ በዚያ ሰዓት ነው። እነዚያ ክፍሎች ከሌሎቹ የበለጠ እንግዳ አስተናግደው እንዳይሆን መዝገቡን አየሁ፤ አላስተናገዱም።

ማሽኖቹን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማስነሳት ጀመርን። በቀጣዩ ወር ከአራቱ ክፍሎች የጫጫታ ቅሬታ አልመጣም። ካርድ የሚሞላው ግን በአብዛኛው በጣም የተደሰተ ወይም የተናደደ ሰው ስለሆነ፣ ለውጡን የማረጋግጠው በአዲሱ የጸጥታ ጥያቄ ነጥብ ነው።