ክሬቲን የምትወስዱ፣ ለኩላሊት ምርመራ ከመሄዳችሁ በፊት

ጅማ ውስጥ ጂም የምትሠሩ፣ የደም ክሬቲኒን ውጤታችሁ ከፍ ብሎ ቢመጣ ቶሎ አትደንግጡ። ክሬቲን ሰውነት ውስጥ ሲፈርስ ክሬቲኒን ይሆናል። ስለዚህ ኩላሊት ሥራውን በደንብ እየሠራ ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል። በቀን 5 ግራም የሚወስድ ጓደኛዬ 1.4 ወጣበት። ዱቄቱን ለሦስት ሳምንት አቆመ፣ ከምርመራው በፊት ሁለት ቀን ከባድ ብረትም ሥጋም ተወ፤ 1.1 ሆነ። ሽንቱም ፕሮቲን አልነበረበትም።

ክሬቲን እንደምትወስዱ ለሐኪሙ የግድ ንገሩት። ከተገኘ ሲስታቲን ሲ የሚባለውን ምርመራ ጠይቁ፤ እሱን ክሬቲንም ጡንቻም እምብዛም አያዛባውም።

ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ካለባችሁ፣ ወይም እግራችሁ ካበጠ ግን ሳምንት አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ታዩ።