የጎነ ሦስት ዘዊቶች ለምን 180 ዲግሪ ይሞላሉ? ወረቀት አጥፋችሁ አሳዩ

መሠረቱ 14፣ ግራ ጎኑ 13፣ ቀኝ ጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎነ ሦስት ቁረጡ። ጫፉን ሀ፣ የመሠረቱን ግራ ለ፣ ቀኙን ሐ በሉ። በመሠረቱ ላይ ከ“ለ” 5 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ “መ” ብላችሁ ምልክት አድርጉ፤ ከ“ሀ” ቀጥ ብሎ የሚወርደው መስመር የሚያርፈው እዚያ ነው። መጀመሪያ “ሀ”ን አጥፋችሁ “መ” ላይ አሳርፉ፣ ቀጥሎ “ለ”ን ከግራ፣ “ሐ”ን ከቀኝ ወደዚያው አምጡ። ሦስቱ ዘዊቶች ጎን ለጎን ገጥመው ዝርግ ዘዊት ይሠራሉ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው “መ”ን የመሠረቱ መካከል፣ 7 ሴንቲ ሜትር ላይ ስናደርገው ነው። ያኔ የመጀመሪያው እጥፋት ከመሠረቱ ጋር ትይዩ አይሆንም፤ ወረቀቱ በአንድ ወገን ይደራረባል፣ በሌላው ክፍተት ይተዋል። ከ90 ዲግሪ የሰፋ ዘዊት ካለ ደግሞ እሱን ከላይ አድርጉት፤ አለዚያ “መ” ከወረቀቱ ውጭ ይወድቃል።

እጥፋቱ ግን ማስረጃ አይደለም፤ ድምሩ 179 ቢሆን ዓይን አይለየውም። ለማረጋገጥ በ“ሀ” በኩል ከመሠረቱ ጋር ትይዩ የሆነ መስመር አስምሩ። “ሀ” ላይ ከመስመሩ በታች ሦስት ዘዊቶች ይታያሉ። መካከለኛው የራሱ የ“ሀ” ነው። ጎን “ሀለ” ሁለቱን ትይዩ መስመሮች ስለሚቆርጥ የግራው ከ“ለ” ጋር እኩል ነው፤ በ“ሀሐ” ምክንያት የቀኙ ከ“ሐ” ጋር እኩል ነው። ሦስቱ አብረው ቀጥ ያለውን መስመር ሞሉት፣ 180 ዲግሪ። የጎኖቹ ርዝመት አንድም ቦታ አልገባም፤ ስለዚህ ለየትኛውም ጎነ ሦስት ይሠራል፣ ዝርግ ገጽ ላይ እስከሆነ ድረስ። ኳስ ላይ ግን እንዲህ ያለ ትይዩ መስመር ስለሌለ ድምሩ ከ180 ይበልጣል።