ስሌቱ 15,000 ሊትር ይላል፣ ማጠራቀሚያው ግን ግማሽ ላይ ይሞላል

ምልክቱ እንዲህ ነው። ከመሬት በታች ያለው የኮንክሪት ማጠራቀሚያ «15,000 ሊትር ይይዛል» ተብሏል። 10,000 ሊትር የጫነ ቦቴ ሲገለብጥበት ግን ሳይጨርስ ውሃው በትርፍ ውሃ መውጫው ይፈሳል። ባለቤቱ ቦቴውን ይጠረጥራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ልኬቱ ላይ ነው።

15,000 ከየት መጣ? ከውጭ ልኬት ነው፤ 3 ሜትር በ2.5 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር። ሲባዛ 15 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ስለሆነ ማባዛቱ ልክ ነው። ውሃው የሚቀመጠው ግን ውስጥ ነው።

ግድግዳው 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከሁለቱም ጎን ይቀነሳል። አንዱን ጎን ብቻ የሚቀንስ ሰው ብዙ ነው። ውስጡ እንግዲህ 2.60 በ2.10 ነው። ወለሉ 20፣ የላይኛው ሶሌታ 15 ሴንቲ ሜትር ሲቀነስ ቁመቱ 1.65 ይሆናል። በዚህ 9,009 ሊትር እናገኛለን። ልስን ካለ እሱም ይቀነሳል፤ ስለዚህ ሜትሩን ልስኑ ላይ አሳርፉ።

ገና አላለቀም። ውሃው ሶሌታው ድረስ አይወጣም፤ የትርፍ ውሃ መውጫው ቱቦ የታችኛው ከንፈር ላይ ይቆማል። እሱ ከወለሉ 1.45 ሜትር ላይ ከሆነ፦

```
2.60 × 2.10 × 1.45 = 7.917 ሜትር ኩብ = 7,917 ሊትር
```

ፓምፑ ደግሞ ሁሉንም አይስብም። የመሳቢያው አፍ ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ ከሱ በታች ያለው 819 ሊትር እዚያው ይቀራል። በእጃችሁ የሚገባው 7,098 ሊትር ነው።

ቁጥሩ ጭራሽ የማይመስል ከሆነስ፣ ለምሳሌ 79,170 ሜትር ኩብ? በሴንቲ ሜትር አባዝታችሁ ለ100 አካፍላችኋል ማለት ነው። የሴንቲ ሜትር ኩብ ውጤት ወደ ሊትር ሲቀየር ለ1,000፣ ወደ ሜትር ኩብ ሲቀየር ለ1,000,000 ይካፈላል። እኔ የምወደው ግን ሌላ መንገድ ነው። ልኬቱን በዴሲ ሜትር ጻፉት፦ 26 × 21 × 14.5። ውጤቱ ያለ ምንም ማካፈል ሊትር ነው፣ 7,917።

ለማረጋገጥ ውስጥ መግባት አያስፈልግም፤ የታፈነ ማጠራቀሚያ ውስጥ አየር ሊያጥር ስለሚችል ብቻችሁን አትግቡ። በማንሆሉ ቀጥ ያለ ዘንግ አውርዱና የረጠበበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። መጠኑን በደንብ የምታውቁትን 1,000 ሊትር ጨምሩና ደግማችሁ ለኩ። ወለሉ 2.60 በ2.10 ከሆነ ውሃው 18.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል። ከዚያ በላይ ከወጣ ውስጡ ካሰባችሁት ይጠባል፤ መሃል ላይ ዓምድ ወይም መለያ ግድግዳ መኖሩን ፈትሹ። ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ ውስጡ ይሰፋል፣ አለዚያም ውሃው እያመለጠ ነው። ለመለየት ፓምፑንም መግቢያውንም ዝጉና በማግስቱ በዚያው ዘንግ ለኩ። እያንዳንዱ የወረደ ሴንቲ ሜትር 54.6 ሊትር ነው።