ሚክሰር ሳይገዙ መሸጥ፦ አቅራቢ ነጋዴያችሁ እቃውን በአደራ እንዲያስቀምጥ እንዴት ታስማማላችሁ?

ኮዬ ፈጬ ትንሽ የቧንቧ እቃ ሱቅ አለችኝ። አምና 20 የኩሽና ቧንቧ ሚክሰር አንዱን በ3,000 ብር ገዛሁ። 60,000 ብር ማለት ነው። በወር የሚሸጥልኝ ግን 4 ብቻ ስለሆነ የመጨረሻዎቹ አቧራ ሲጠጡ ከርመው የወጡት በ5ኛው ወር ነው። በመሃል ቴፍሎንና ክርን የሚፈልገውን ደንበኛ «ነገ ይመጣል» እያልኩ እመልሰው ነበር።

አሁን ሚክሰሩን በአደራ ነው የምይዘው። እቃው የአቅራቢው ነው፣ እኔ የምከፍለው ሲሸጥ ነው። ከዱቤ ጋር እንዳታምታቱት፤ ዱቤ ቀኑ ከደረሰ ተሸጠም አልተሸጠም ይከፈላል።

መጀመሪያ እቃውን ምረጡ። በየቀኑ የሚወጣውን ራሳችሁ ግዙ። በአደራ የሚጠየቀው ውድ የሆነው፣ ቀስ ብሎ የሚወጣውና ደንበኛ በዓይኑ ሳያይ የማይገዛው ነው።

ከዚያ የ3 ወር የሽያጭ ደብተራችሁን ይዛችሁ መርካቶ ውረዱ። ቅዳሜ ግን አይሆንም፣ አቅራቢው ቀና ብሎም አያያችሁ። እኔ እንዲህ አልኩ፦ «ጋሼ፣ እኛ ሰፈር ሰው ገና ኮንዶሚኒየም እየገባ ነው። 6 ፍሬ ይስጡኝ፣ በየ15 ቀኑ ይቆጠር፣ የተሸጠውን በማግስቱ ገቢ አደርጋለሁ።»

«ብሩን ብትበላውስ?» አለኝ። እውነቱን ነው። በ6 የጀመርኩትም ለዚሁ ነው፤ 20 ብጠይቅ ኖሮ አይሰጠኝም ነበር።

ዋጋውን 3,200 አደረገው። ለ20ው 4,000 ብር ጭማሪ ነው። ታዲያ ያዋጣል? በ5ቱ ወር ውስጥ በአማካይ 30,000 ብር ገደማ ሚክሰር ላይ ታስሮብኝ ነበር። ያንን ቶሎ በሚያልቅ እቃ ባገላብጠውና በወር 10 በመቶ ቢያተርፍ 15,000 ይሆናል። የተለቀቀው ብር ኪሳችሁ ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ለ4,000ው አትጨነቁ፣ ነገሩን ከነጭራሹ ተዉት።

ወረቀት ላይ ሳይሰፍር እቃ አትጫኑ። የእያንዳንዱ ሞዴል ብዛትና ዋጋ ይጻፍ። ከጠፋ ወይም ከተሰበረ የሚከፍለው ማን እንደሆነ (ብዙ ጊዜ እናንተ ናችሁ)፣ የፋብሪካ ጉድለት ያለበት እንደሚመለስ፣ በ60 ቀን ያልተሸጠውን ማን በማን መኪና እንደሚወስደው ይግባበት። ደረሰኝ መቼ እንደሚቆረጥ ከሒሳብ ሠራተኛችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ የመረከቢያ ሰነዱም ከሱቅ አይውጣ። እኔን ያቃጠለኝ ሳልጽፈው የቀረሁት የዋጋ ጉዳይ ነው። ምንዛሪ ከፍ ሲል ሰውዬው ደውሎ «የቀሩትን መልስ» አለኝ፣ ሁለቱ ላይ ደግሞ ቀብድ ተቀብዬ ነበር። አሁን «ዋጋ ቢጨምርም በእጅ ያለው 15 ቀን በድሮው ይሸጣል» የሚል መስመር አለን።

የአደራው ካርቶን ላይ ቀይ ፕላስተር እለጥፋለሁ። ሲሸጥ ፕላስተሩን ልጬ ደብተሩ ላይ አጣብቀዋለሁ፣ ብሩም ያን ዕለት ወደ ሌላ አካውንት ይገባል። በቆጠራ ቀን ካርቶኑና ፕላስተሩ ተደምረው 6 ካልሞሉ፣ የጎደለውን ሰውዬው ሳይጠይቀኝ እከፍላለሁ።